«በባዶ ሆድ ይምጡ» የሚለው መስመር

በሰፈራችን ጤና ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችውን ነርስ በስሟ የሚጠራት ሰው አላውቅም። ፊት ለፊት «ሲስተር» ነው የምትባለው። ዞር ስትል ደግሞ «ካልሲ አውልቁ» ይሏታል። ይህን ስም ያወጣችው ራሷ ናት ማለት ይቻላል። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ለምንም ጉዳይ ይምጣ፣ ለጉንፋንም ይሁን ለጆሮ፣ ካልሲውን ሳያወልቅ ከእሷ ክፍል አይወጣም።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ የመጣሁት ጥርሴን አሞኝ ነው» ይላታል አንዱ ሹፌር።

«ጥርስህማ ጮኾ አመጣህ። እግር ግን ዝም ብሎ ነው የሚበላሸው። አውልቅ።»

ያወልቃል። በጣቶቹ መሃል ታያለች፣ ተረከዙን ትዳስሳለች፣ ቀጭን የናይሎን ክር አንስታ ውስጥ እግሩን ነካ ታደርግና «ተሰማህ?» ትለዋለች። ከተሰማው «በል ልበስ፤ ካልሲህን ግን እጠባት፣ ጓደኞችህ አዝነውልሃል» ብላ ትሸኘዋለች። ካልተሰማው ቀልዱ እዚያ ላይ ያበቃል። ጣቱን ወግታ ስኳሩን ትለካለች።

ወጣት ሳለች አዋላጅ መሆን ነበር ምኞቷ። ቁስል የሚታጠብበት ክፍል የገባችው የታመመች ባልደረባዋን ለሦስት ወር እንድትተካ ተብሎ ነው። ባልደረባዋ ሳትመለስ ቀረች፤ ሲስተርም በዚያው ቀረች። ከአክስቷ ጋር በአንድ ክፍል ቤት ትኖራለች። አክስቷ «ሌሎች ልጅ ሲቀበሉ አንቺ እግር ስትቀበይ አረጀሽ» እያሉ ያበሽቋታል። እሷም «እግር ሲያድግ አይሳደብም» ትላቸዋለች።

ባለቤቴን ያወቀቻት በእግሯ ምክንያት ነው። ባለቤቴ አዲስ ጫማ ገዝታ ቀኑን ሙሉ ተጫምታው ዋለች። ማታ ስታወልቀው የትንሿ ጣቷ ጎን ተልጦ ደምቷል፤ እሷ ግን ምንም አልተሰማትም። «እንዴት ያለ ጨዋ ጫማ ነው፣ ሲልጠኝ እንኳ ድምፁን አላሰማም» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ስኳር እንዳለባት ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ሲስተር ለክታት ቁጥሩን ካየች በኋላ «ይህ የዛሬ አይደለም፤ የዓመታት ነው» አለችን። ሰባት ወር ቁስሉን አጠበችላት። መጀመሪያ ጣቷ ሄደ፣ ቀጥሎ እግሯ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከአራት ወር በኋላ ሲስተር ቤቴ መጣች። ልታጽናናኝ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩላት። እሷ ግን ቦርሳዋን ከፍታ ባዶ ወረቀት አወጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ደብዳቤ ሲያድሉ ነው የኖሩት። ሰው የትኛውን ወረቀት እንደሚያነብ፣ የትኛውን እንደሚጥል ያውቃሉ።»

ጡረታ የወጣሁ ፖስተኛ ነኝ። «ሰው የሚያነበው ስሙ ያለበትን ነው» አልኳት።

«የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስም መጻፍ አልችልም።»

«እንግዲያው እሱን የሚመስል ሰው ወረቀቱ ላይ ይኑር።»

ሐሳቧ ቀላል ነበር። በሰፈሩ አዳራሽ አንድ እሑድ ሰው ሰብስባ፣ ስኳር በሽታ ከመምጣቱ በፊት ምን ማድረግ እንደሚቻል በነጻ ልትነግር ነው። «ወደ እኔ ሲመጡ ቁስለኛ ሆነው ነው የሚመጡት» አለችኝ። «እኔ የምፈልገው ከዚያ አሥር ዓመት በፊት ያለውን ሰው ነው። እሱ ደግሞ ጤነኛ ነኝ ብሎ ስለሚያስብ ጤና ጣቢያ አይረግጥም። በምን ላምጣው? በወረቀት እንጂ።» ቀጥላም፣ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ እንደተከለች፣ «እትዬን ከአሥር ዓመት በፊት ባገኛት ኖሮ ብዬ ነው» አለች። ባለቤቴን ነበር እትዬ የምትላት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስንጽፍ ስንሰርዝ ዋልን። መጀመሪያ «የስኳር በሽታ መከላከያ ትምህርት» ብላ ጀመረች። ትምህርት ሲባል የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሥራ እንደሚበዛበት ነገርኳት። በመጨረሻ ወረቀቱ እንዲህ ሆነ፦

«ጎረቤቶቻችን! እናታችሁ፣ አባታችሁ፣ ወንድም ወይም እህታችሁ ስኳር አለባቸው? ቀኑን ሙሉ ተቀምጣችሁ ነው የምትሠሩት? ቀበቷችሁ በየዓመቱ አንድ ቀዳዳ ይለቃል? እንግዲያው ይህ ወረቀት የተጻፈው ለእናንተ ነው። አብዛኛውን ሰው የሚይዘው የስኳር ዓይነት ሳያምም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ቀድመን ከነቃን ግን ብዙ ጊዜ ልንከላከለው ወይም ልናዘገየው እንችላለን። እንዴት እንደሆነ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በሰፈራችን አዳራሽ እንነጋገር። ክፍያ የለውም። አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ጤነኛ ነኝ የምትሉ በተለይ ኑ። ጎረቤት ይዛችሁ ኑ።»

ከሥሩ የእሷ ስምና ሙያ።

«የቀበቶው ነገር ይቆይ?» አለችኝ።

«ይቆይ እንጂ። እሱን ያነበበ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሆዱን ማየቱ አይቀርም።»

አዳራሹ የሰፈሩ ኮሚቴ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የኮሚቴው ማህተም ያስፈልገዋል፤ የሚታተመውም እዚያው ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ድሮ የመጋዘን ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ማህተሙን ቁልፍ ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ ቁልፉን ደግሞ በደረት ኪሳቸው ነው የሚይዙት። ጽሑፉን አንብበው «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አጻጻፉ ግን የበር ላይ ወሬ ይመስላል። ወግ እናስይዘዋለን» አሏት። ቀኑና ሰዓቱ እስካልተቀየረ ድረስ ግድ እንደሌላት ነግራቸው ወጣች። እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ ነገር አልልም ነበር። ወረቀት ወግ ሲይዝ ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ስትገባ ወረቀቱ የጤና ጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ አገኘችው። ዓርብ ማታ የየሕንጻው ጥበቃዎች በየበሩ ሥር አስገብተውት አድረዋል፤ ሦስት መቶ ቅጂ። ከበሩ ነቅላ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ሳትቀመጥ ሰጠችኝ።

ቀበቶው የለም። ጎረቤቶቻችን የሚለውም የለም። «ለስኳር ሕሙማን በሙሉ» ይላል ርዕሱ፤ ጤነኛ ነኝ ባዩን ገና ከመጀመሪያው መስመር አሰናብቶታል። ከዚያ በታች «በኮሚቴው አስተባባሪነት በሚካሄደው የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ላይ በሰዓቱ እንዲገኙ በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል። ይህን እያነበብኩ ራሴን ነቀነቅሁ።

«እሱን ይተዉት» አለችኝ። «መጨረሻውን ያንብቡ።»

መጨረሻው በደማቁ ተጽፏል፦ «ማሳሰቢያ፦ ከዋዜማው ምሽት ሁለት ሰዓት ጀምሮ ምንም ምግብ ሳይመገቡ በባዶ ሆድ ይምጡ።»

ከእሱ ሥር የእሷ ስም። ስሟ ላይ ክቡ ማህተም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ በኋላ ነው የገባን። ባለፈው ዓመት በዚያው አዳራሽ ጠዋት በማለዳ የደም ምርመራ ተደርጎ ነበር። ለዚያ ምርመራ ሳይበሉ ማደር ያስፈልግ ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ አዲስ ወረቀት በጀመረ ቁጥር ማህተሙ የሚያርፍበትን ቦታና መስመሩን እንደገና ላለማስተካከል የድሮውን ከኮምፒውተር ይከፍትና በላዩ ላይ ይጽፋል። የስብሰባ ጥሪ ከጽዳት ዘመቻ፣ የጽዳት ዘመቻ ከውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ ነው የሚወለደው። በዚህ ዓይነት አንድ ጊዜ ለውኃ መቋረጥ «ሻይና ቆሎ ተዘጋጅቷል» የሚል ወጥቶ ሰፈሩ ስቋል። አሁን ግን የሚያስቅ አልነበረም።

«ንግግር ለመስማት ለምን ይጾማል?» አልኳት።

«ለምንም። ጤነኛው ቢራብ ይራብ፤ ቢበዛ ይቆጣል። ኢንሱሊን የሚወጉት ግን አሉ፤ ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱም አሉ። መድኃኒታቸውን ወስደው ካልበሉ ስኳራቸው ይወርዳል። ይወርዳል ስልዎት ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቀባዥራሉ፤ ካልተደረሰላቸው ራሳቸውን ይስታሉ። ሊሞቱም ይችላሉ። እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት! ከሥሩ ደግሞ እኔ ነኝ ያለሁት።»

አብረን ወደ ኮሚቴው ቢሮ ሄድን። ሰብሳቢው ሻያቸውን እየጠጡ ነበር። ሲስተር መስመሩን በጣቷ አሳየቻቸውና ጉዳዩን ለእኔ እንደ ነገረችኝ አድርጋ አስረዳቻቸው። አዳመጡ። ክፉ ሰው ናቸው አልልም፤ አዳመጡ።

«ልክ ነሽ፣ ይህቺ መስመር ተርፋለች» አሉ። «ነገ መድረኩ ሲከፈት እኔው ራሴ ማስተካከያ እናገራለሁ።»

«ነገ መድረኩ ሲከፈት የሚወድቀው ሰው ወድቋል እኮ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት መቶ ወረቀት ነው። ለዘንድሮ የተመደበው አልቋል።»

«አዲስ ወረቀት አልጠየቅሁም። ጥበቃዎቹን ይዘዙልኝ፤ በየበሩ ይሂዱና መስመሯን በእስክሪብቶ ይሰርዙ።»

ሰብሳቢው የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ይሰርዙ? ማህተም ያረፈበት ሰነድ ላይ?»

«አንዲት መስመር ናት።»

«ሲስተር፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ የለውም። ይህን የማያውቅ የለም። ዛሬ አንቺ አንዲት መስመር ከሰረዝሽ ነገ ማንም እየተነሳ ይሰርዛል። ማህተሙ ምን ሊሆን ነው?»

«ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋስ ምን ልትሆን ነው?»

«እሷ ደግሞ ምን አገባት?»

«ኢንሱሊን ትወጋለች።»

«የሚወጋ ሰው መብላት እንዳለበት አያውቅም? አንቺ አይደለሽም የምታስተምሪያቸው?»

«እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የምፈራው። ከሥሩ ያለው የእኔ ስም ነው።»

በድምፅ ማጉያ እንዲነገር ጠየቀች። ለዚያ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውን የሚቀበለው ቢሮ ቅዳሜ ዝግ ነው። ጸሐፊው ጥግ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ነበር። አንገቱን እንደ ደፋ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመችና ከቦርሳዋ ሁለት እስክሪብቶ አወጣች። አንዱን ሰጠችኝ። «እርስዎ በሮቹን ያውቋቸዋል» አለችኝ።

በሮቹንስ አውቃቸዋለሁ። የትኛው ደወል እንደማይሠራ፣ የትኛው ውሻ ለመጮህ ብቻ እንደሚጮህ፣ ማን ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደሚኖር ከሃያ ዓመት በላይ በእግሬ ነው የተማርኩት። ሲስተር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎቿን መዝገብ ይዛ አልወጣችም። «የሰው ሕመም በደረጃ ላይ አይነበብም» ብላ በቃሏ ነበር የያዘቻቸው። ሃያ ሦስት ነበሩ። መጀመሪያ እነሱን፣ ከዚያ ጉልበት ከተረፈን ሌላውን ተባባልን።

በራቸውን ሲከፍቱልን ሰላምታም ሳትሰጥ «በበርዎ ሥር የገባችውን ወረቀት ያምጡልኝ» ትላለች። ትሰርዝና «ነገ እንደ ወትሮው ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ መድኃኒትዎንም እንደ ወትሮው። ይድገሙልኝ» ትላለች። ይደግማሉ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ሒሳብ አስተማሪ አልደግምም ብለው አስቸገሩ።

«እኔ ተማሪ ነኝ እንዴ አንቺ ልጅ?»

«ነዎት። ይድገሙ።»

«ቁርስ፣ ምሳ፣ መድኃኒት። ካልሲዬንም ላውልቅ?»

«ለእሱ ነገ።»

አንዲት እናት ግን መስመሩ ሲሰረዝ አይተው ወረቀቱን ከእጇ መንጠቅ ቃጣቸው። «ማህተም ያለበትን? ነገ በር ላይ ቢመልሱኝስ?» አሉ። ይህ ነው የሚያሳዝነው። የሰውነታቸውን ነገር ለአሥራ ሁለት ዓመት ከምታውቅላቸው ነርስ ቃል ይልቅ ያን ሰማያዊ ክብ አመኑ። እንዲያምኑ አድርገን ያሳደግናቸው እኛው ነን። ሕይወታቸውን ሙሉ አንድም በር ያለ ማህተም ተከፍቶላቸው አያውቅም።

እስከ ምሽት ሃያ ሁለቱን አገኘን። ሃያ ሦስተኛዋ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። በሯ ቁልፍ ነው። ጎረቤቷ «ከእህቷ ዘንድ ናት፤ ነገ ከዚያው በቀጥታ ወደ ስብሰባው እመጣለሁ ብላለች፤ ወረቀቷንም ይዛ ነው የሄደችው» አለችን። ስልኳ አይነሳም። የእህቷን ቤት የሚያውቅ አጣን። ሲስተር ማስታወሻ ጽፋ በበሩ ሥር አስገባች፤ ማንም እንደማያነበው እያወቀች ነው ያስገባችው። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ደወለችላት አክስቷ ነግረውኛል።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ከመጡት ብዙዎቹ ታማሚዎች ነበሩ፤ ርዕሱ የጠራው እነሱን ነዋ። ጤነኛ ነኝ ከሚሉት የመጡት ቅዳሜ ዕለት በደረጃ ላይ ያገኘናቸውና «ና፣ ወረቀቱ አንተንም ይመለከታል» ያልናቸው ብቻ ናቸው። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ የሚገባውን ፊት ሁሉ እያየች ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገባች፤ ሲስተር ወደ እሷ ስትራመድ ሰብሳቢው ክንዷን ይዘው «ሰዓት አልፏል፣ እንግዶች አሉን» ብለው ወደ መድረኩ አወጧት። የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። ስለ ኮሚቴው ስኬት ተናገሩ። የገቡትን ቃል፣ ያችን ማስተካከያ፣ አልተናገሩም።

ተራው የሲስተር ሆነ። በመጀመሪያ መድኃኒት ወስዶ ምግብ ያልበላ ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀች። ማንም አላወጣም። ዓይኗ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ ግንባሯ በላብ ርሷል። የእጅ ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች። ሲስተር ከመድረኩ ወርዳ ፊቷ ተንበረከከች።

«እትዬ፣ ምን በልተሻል?»

«ቁልፎቹ አልደረሱም» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «ሸሚዙ ዝግጁ ነው፣ ቁልፎቹ ናቸው ያልደረሱት።»

ሲስተር ጣቷን ወግታ ለካቻት። አርባ ስምንት። ከሰባ በታች ሲሆን ዝቅተኛ ነው ስትል ከእሷው ሰምቻለሁ። «ስኳር አምጡልኝ» አለች። «ውኃና ስኳር። ቶሎ።»

ሻይ የተዘጋጀበት ጠረጴዛ ከኋላ ነበር። እኔ ወደዚያ ስሄድ አዳራሹ ተንጫጫ። «ለስኳር በሽተኛ ስኳር?» አለ አንዱ። «ልትገድላት ነው እንዴ?» አለች ሌላዋ። ሰብሳቢው ፈጥነው መጥተው በጆሮዋ፣ እኔ ግን ሰምቻለሁ፣ «ሲስተር፣ ስለ ስኳር መከላከል በተጠራ መድረክ ላይ፣ እንግዳ እያየ፣ ታማሚን ስኳር ታጠጫለሽ? ወደ ውጭ ይዘሻት ውጪ» አሏት።

«አትንቀሳቀስም» አለች። ቀና ብላም አላየቻቸውም። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጠበጠች። ልብስ ሰፊዋ መዋጥ እንደምትችል አይታ፣ ብርጭቆውን ከእጇ ጋር ይዛ ቀስ እያለች አጠጣቻት። ከዚያ ሰዓቷን አይታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አምስት ደቂቃ። ከመቶ ሰው በላይ ያለበት አዳራሽ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቀ። እንደገና ለካች። ሰማንያ አንድ። የልብስ ሰፊዋ ላብ ደረቀ፣ ዓይኗ ሰው ለየ። ያን ጊዜ ዳቦ አስመጣችላት።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተወጋሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ እያኘከች። «ከማታ ጀምሮ አልበላሁም። አሞኝ ነበር፤ ግን ወረቀቱ አይበሉ ይላል። ስምሽን ሳይ፣ ሲስተር እንዲህ ያለችው ለምርመራ ብላ ይሆናል አልኩ። ደግሞ ማህተም አለው አይደል?»

«እጅሽን ስጠይቅ ለምን አላወጣሽም?»

«ጠይቀሻል እንዴ?»

ሲስተር ተነስታ መድረኩ ላይ ወጣችና ንግግሯን ጀመረች። ስለ መራመድ፣ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት፤ ስለ ለስላሳ መጠጥ፤ ስለ ክብደት፤ ስለ ሲጋራ፤ ቤተሰቡ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ሳያመው ስለ መለካቱ። በየመሃሉ ግን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ታይ ነበር።

በሳምንቱ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ የተጻፈ ጥሪ ደረሳት። ሰብሳቢው አመልክተዋል። ነጥቦቹ ሦስት ነበሩ፦ ማህተም ያለበትን ሰነድ ያለ ፈቃድ መሰረዝና ሌላ ሰው እንዲሰርዝ ማድረግ፤ መድረክ ማቋረጥ፤ ታማሚን በሕዝብ ፊት ሕመሟ የማይፈቅደውን መስጠት። ሦስተኛውን ያነበቡት ሐኪም ወዲያው ሰረዙት፤ የሰጠችው ልክ የሚሰጠውን ነው። ሁለቱ ግን ቆዩ።

ልብስ ሰፊዋና እኔ ሳንጠራ ሄድን። ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ የሆነችውን ተናገረች። የመሃለኛው ሰው በትሕትና አዳመጧትና «ቅሬታዎን በጽሑፍ አቅርበዋል?» አሏት።

«ልሞት ነበር እኮ ነው የምልዎት።»

«ይገባኛል እናቴ። በጽሑፍ ነው ወይ?»

በጽሑፍ አልነበረም። ስለዚህ አልተመዘገበም። ይህን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር፤ የጸሐፊዋ እጅ ከወረቀቱ ላይ ተነስቶ ቆየ፣ ልብስ ሰፊዋ ስትጨርስ ተመልሶ መጻፍ ጀመረ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሞት የተረፈችው ሴት አልነበረችም። የነበረው በእስክሪብቶ የተሰመረ አንድ መስመር ብቻ ነው።

ለሲስተር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። እንድትፈርም ወረቀቱን አቀረቡላት። ሳትቸኩል አነበበችው።

«እፈርማለሁ» አለች። «የሰረዝኩትን መስመር ሙሉውን ጻፉልኝና እፈርማለሁ። እዚህ ላይ ‹ሰነድ ሰርዛለች› ነው የሚለው። ምን ሰረዘች? ይጻፍ።»

«ያ የዛሬ አጀንዳ አይደለም» አሉ የመሃለኛው።

«እንግዲያው ፊርማዬም የዛሬ አጀንዳ አይደለም።» ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁስል የምቀይርለት ሰው አለኝ» ብላ ወጣች።

ማስጠንቀቂያው እስከ ዛሬ አልተፈረመም። ኮሚቴው ለበላይ ባቀረበው ዘገባ መድረኩ መቶ ሃያ ተሳታፊ የተገኘበትና በስኬት የተጠናቀቀ መሆኑን ጽፏል።

ከእሑዱ ስብሰባ ከሁለት ቀን በኋላ የኮሚቴው ጸሐፊ ሲስተር ክፍል መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ካልሲውን ሊያወልቅ የመጣ መስሏት ወንበር አሳየችው።

«የድሮውን ፋይል አጥፍቼዋለሁ» አላት። «መስመሯን ሳላያት የተውኳት እኔ ነኝ። ያን ቀን ቢሮ ውስጥም ዝም አልኩ።»

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? እኔ አልተራብኩም» አለችው። «ቤቷን ታውቀዋለህ።»

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። በሩ ላይ ቆሞ ጥፋቱን አንድ በአንድ ሲናገር መርፌዋን ሳታቆም ሰማችው፤ ሲጨርስ ግባ ብላ አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይታም ጠየቀችው።

«ማህተሙን የመታውስ? አብሮህ አልመጣም?»

«አልመጡም» አላት።

እስካሁንም አልመጡም።